«በሳምንት 25 ዶላር» ብዬ ያወጣሁት የልጄ ካርድ በሁለት ቀን 289 ዶላር በላ

ይህን የምጽፈው ዛሬ ቅዳሜ ማታ፣ ካርዱን ካወጣልኝ ወጣት ጋር ተጨቃጭቄ ቤቴ ከገባሁ ሁለት ሰዓት ሳይሞላኝ ነውና ቃሌ መረር ካለ ይቅርታ አድርጉልኝ። ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው የምትኖሩ ወላጆች ሰዎቹን ታውቋቸዋላችሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ እንጀራና በርበሬ በምንገዛባቸው ሱቆች በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው፣ ለልጆች ፊኛ እያደሉ፣ በአማርኛ «የመጀመሪያው ወር ነጻ ነው» እያሉ የሚጠሩን ናቸው። አንድ ሰሞን የስልክ መስመር፣ አንድ ሰሞን ኢንሹራንስ ይሸጣሉ፤ አሁን ደግሞ የያዙት ወላጅ በስልኩ እየተቆጣጠረ ልጅ የሚገዛበትን የክፍያ ካርድ ነው።

ልጄ 12 ዓመቱ ነው። እኔ በአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ተረኛ ስለሆንኩ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የሚበላውን ራሱ የሚገዛበት ጊዜ አለ፤ ጥሬ ገንዘብ ስሰጠው ደግሞ ግማሹ ከኪሱ ይጠፋል። ስለዚህ ወጣቱ «ወሰኑን የሚያስቀምጡት እርስዎ ነዎት፣ ከወሰኑ ካለፈ ደግሞ እርስዎ ሳያጸድቁ አይገዛም» ሲለኝ፣ ለእኔ ብለው የሠሩት ነገር መሰለኝ።

አሁን እስከ ዛሬ እንቅልፍ የነሳኝን ያችን አምስት ደቂቃ ልንገራችሁ። በአንድ እጄ እንጀራ፣ በሌላው እጄ የሽንኩርት ከረጢት ይዣለሁ። ወጣቱ «እትዬ፣ እርስዎ አይቸገሩ፣ እኔ እሞላልዎታለሁ» ብሎ ስልኬን ተቀበለኝ፤ እኔም አመስግኜ ሰጠሁት። ስሜን፣ የልጄን የትውልድ ቀን፣ የባንክ ካርዴን ቁጥር እየጠየቀ ሞላ። ቀጥሎ «በሳምንት ስንት እንፍቀድለት?» አለኝ፤ «25 ዶላር ይበቃዋል» አልኩት። 25 ብሎ ሲጽፍ በዓይኔ አይቻለሁ። ያላየሁት ከቁጥሩ ጎን በደብዛዛ ግራጫ የተጻፈችውን Per transaction የምትል ቃል ነው። ትርጉሟ «ለአንድ ግዢ» ነው። ቦታዋን ነካ ቢያደርጋት «በቀን»፣ «በሳምንት»፣ «በወር» የሚሉ ምርጫዎች ይዘረገፉ ነበር፤ እሱ ግን በአፉ «በሳምንት» እያለ በጣቱ አልፏት ሄደ።

ከዚያ ሌላ ገጽ መጣ። ትልቅ አረንጓዴ ቁልፍ ነበረበት፣ ከሥሩ ደግሞ መዝለያዋ በጥቃቅን ፊደል ተጽፋለች። «ይቺ ምንድን ናት?» አልኩት። «ልጁ ትምህርት ቤት ሆኖ ገንዘብ አልቆበት እንዳያፍር ነው፤ እስቲ ፊትዎን ያሳዩልኝ» ብሎ ስልኩን ወደ ፊቴ አዞረው። ፎቶ ሊያነሳኝ ይመስል ፈገግ አልኩለት። በዚያ ፈገግታ ያጸደቅሁት Auto-Reload የሚባለውን ነገር ኖሯል፤ በልጄ ካርድ ላይ ያለው ገንዘብ ከ10 ዶላር ሲያንስ፣ ማንንም ሳይጠይቅ ከእኔ የባንክ ሂሳብ 25 ዶላር እየቀዳ እንዲሞላ የሚያዝ ነው። ሰው ኪሱ ሲገባበት እንዴት ፈገግ ይላል? እኔ ብያለሁ።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሁሉም ነገር ደህና ነበር፤ እንዲያውም እምነቴን ያጠናከረው ያ ነው። ልጄ አንድ ቀን የ38 ዶላር የጆሮ ማዳመጫ ሊገዛ ሲሞክር ስልኬ ጮኸና የማጽደቂያ ጥያቄ መጣልኝ። «አልፈቅድም» የሚለውን ተጫንኩ፣ ካርዱም እምቢ አለው። ደስ ብሎኝ ለሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ አሳየኋቸው፤ አንዷ በእኔ ምክንያት ልታወጣ ነበር። ማጽደቂያው የሠራው ግን 38 ከ25 ስለሚበልጥ ብቻ ነው። ከ25 በታች የሆነ ግዢ ከሆነ አንድ ጊዜም ይሁን መቶ ጊዜ፣ እኔን የሚጠይቅበት ምክንያት አልነበረውም።

ባለፈው አርብ ማታ ወደ ሥራ ስሄድ በካርዱ ላይ 40 ዶላር ነበር። ልጄ የካርዱን ቁጥር የቪዲዮ ጨዋታ ማሽኑ ውስጥ አስገብቶ ኖሮ፣ እስከ እሁድ ጠዋት ድረስ የጨዋታ ገንዘብ የሚሉትን በ9.99 ዶላር፣ በ9.99 ዶላር 29 ጊዜ ገዛ። ድምሩ 289.71 ዶላር ነው። ካርዱ 40 ዶላሩን ጨርሶ መቆም ሲገባው፣ 10 ዶላር ሥር በወረደ ቁጥር ከእኔ ሂሳብ እየሞላ 11 ጊዜ 25 ዶላር፣ ማለትም 275 ዶላር ወሰደ። አንድም የማጽደቂያ ጥያቄ አልመጣልኝም። ደረሰኞቹ በኢሜይል ተልከው ነበር፣ ኢሜይሌን ግን በሳምንት አንዴ ብከፍተው ነው። ስልኬ ሁለት ሌሊት ሙሉ ዝም ማለቱን እንደ ጤንነት ቆጠርኩት። ያወቅሁት ሰኞ የመኪናዬ ኢንሹራንስ 184 ዶላር ሊቆረጥ ሲል ሂሳቤ ውስጥ የቀረው 155 ዶላር ብቻ ሆኖ፣ ባንኩ የ35 ዶላር ቅጣት ሲጨምርልኝ ነው።

ልጄን ልቆጣው ስነሳ የመለሰልኝ መልስ ወገቤን ቆረጠው። «ማሚ፣ ካለፈ ካርዱ ራሱ እምቢ ይልሃል ያልሽኝ አንቺ ነሽ፤ እምቢ ስላላለኝ ገና ያላለቀ መሰለኝ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ካርዱን የሰጠሁት ቀን በዚያው ቃል ነው ያስጠነቀቅሁት።

ሰኞ ወደ ድርጅቱ ደወልኩ። ሙዚቃ እየሰማሁ 40 ደቂቃ ከጠበቅሁ በኋላ አንዲት ሴት አነሳች። በ25 ዶላር እንደተወሰነ፣ ከዚያ በላይ የወጣው ያለ ፈቃዴ እንደሆነ በሚገባ እንግሊዝኛ አስረዳኋት። «እሜቴ፣ ትራንዛክሽን ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ቀጥላም አስተርጓሚ ላገናኝሽ አለችኝ። አስተርጓሚ አያስፈልገኝም ስላት «እንግዲያውስ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ካርዱን ለልጅሽ የሰጠሽው አንቺ ነሽ?» አለች። «አዎ፣ ለእሱ ነው ያወጣሁት» አልኩ። ንግግራችን እየተቀረጸ እንደነበረ መጀመሪያ ላይ ተነግሮኛል። ጉዳዩን በዚያች አንድ «አዎ» ዘጋችው።

ለካ የኤሌክትሮኒክ ክፍያን የሚገዛው ሬጉሌሽን ኢ የተባለው የፌዴራል ደንብ ባለሂሳቡን የሚጠብቀው «ያልተፈቀደ» ክፍያ ሲሆን ነው፤ ካርዱን በገዛ እጃችሁ የሰጣችሁት ሰው የከፈለው ደግሞ፣ ከነገራችሁት መጠን ቢያልፍም፣ እንደ ተፈቀደ ይቆጠራል። ይህ የሚቀረው «ከአሁን በኋላ ይህ ሰው በካርዱ እንዲከፍል አልፈቅድም» ብላችሁ ለድርጅቱ ካስታወቃችሁ በኋላ ለሚደረገው ክፍያ ነው። ስለዚህ ሌባ ቢሰርቀኝ ኖሮ እከራከር ነበር፤ ልጄ ስለሆነ ግን የምከራከርበት መንገድ የለኝም። ሴትዮዋ ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋ ውስጥ የነበረውን ንቀት በጽሑፍ ላሳያችሁ አልችልም።

ገንዘቡን ለመጠየቅ የቀረኝ በር ጨዋታውን የሸጠው መደብር ብቻ ነው። እዚያ በኩል ተስፋ አለ፤ በ2014 እ.ኤ.አ. አፕል ከአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ጋር ባደረገው ስምምነት፣ ልጆች ያለ ወላጅ ፈቃድ መተግበሪያ ውስጥ ለገዙት ነገር ቢያንስ 32.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲመልስ ተደርጓል። እኔም ለ29ኙም ግዢ የተመላሽ ጥያቄ አስገብቻለሁ። እስካሁን መልስ አልመጣም።

ዛሬ ወጣቱን እዚያው ጠረጴዛው ላይ አገኘሁት። ስልኬን ከፍቼ ያችን ግራጫ ቃል ጠቆምኩት። አየት አድርጎ «እትዬ፣ ፊትዎን ያሳዩት እርስዎ ነዎት እኮ» አለኝና ከኋላዬ ለቆመች ልጅ ያዘለች እናት ፊኛ ዘረጋላት። እናቲቱ የሰማችን አይመስለኝም። ብትሰማም ለካርዱ ሳይሆን ለፊኛው ነበር ፊቷ የበራው።

ለማውጣት ለምታስቡ፦ ከቁጥሩ ጎን ያለችውን ቃል «በሳምንት» እስክትሆን ድረስ በራሳችሁ ጣት ለውጡ፣ ራሱ የሚሞላውንም አጥፉት። ካርዱን ለልጁ ከመስጠታችሁ በፊት ወሰኑን 5 ዶላር አድርጋችሁ ራሳችሁ ሁለት ጊዜ የ3 ዶላር ነገር ግዙበት፤ ሁለተኛውን ካልከለከለ ወሰኑ ለአንድ ግዢ ነው ማለት ነው። የካርዱ ማጽደቂያና የመደብሩ ማጽደቂያ ደግሞ የተለያዩ ናቸው። በአይፎን Ask to Buy የሚባለው ለ99 ሳንቲም ግዢም ቢሆን ይጠይቃችኋል፣ የሚሠራው ግን በአፕል መደብር ለሚገዛው ብቻ ነው፤ በጨዋታ ማሽንም የማሽኑን የወላጅ ቁጥጥር ለብቻው መክፈት ያስፈልጋል።

ካርዱን ቆልፌ መሳቢያ ውስጥ ጥዬዋለሁ። ውስጡ 25.29 ዶላር አለ፤ ያም ከመጨረሻው ሙሊት የተረፈ ነው። ወደ ባንኬ መልሱልኝ ብዬ ስጠይቅ ሂሳቡ መጀመሪያ መዘጋት አለበት አሉኝ፣ ለመዝጋት ደግሞ ቅጽ ሞልቼ እንድጠብቅ ነገሩኝ። የነጻው ወር የሚያልቀው ሐሙስ ነው፤ ቅጹ እስከዚያ ካልደረሰላቸው የወር ክፍያቸውን 5.99 ዶላር ከዚያችው ላይ ያነሳሉ።