ሜሴንጀር ወይስ ዋትስአፕ? ቻት የሚከፍት ማስታወቂያ ከመግዛትዎ በፊት

ሜታ ላይ ሲነኩት ቻት የሚከፍት ማስታወቂያ ሲያሠሩ፣ ቻቱ የት ይከፈት የሚለውን መምረጥ አለብዎት። ሜሴንጀር አለ፣ ኢንስታግራም አለ፣ ዋትስአፕ አለ። ብዙ ሰው አንድ ቻት በስንት መጣልኝ ብሎ ያሰላና ርካሹን ይይዛል። እኔ የማስቀድመው ሌላ ጥያቄ ነው። ሰውየው ዋጋ ጠይቆ ዝም ቢል ነገ ላገኘው እችላለሁ ወይ?

ለምሳሌ አንድ የቢሮ ወንበር ሻጭ በጀቱን እኩል ከፍሎ ሁለቱንም ሞከረ እንበል። ከሜሴንጀር 60 ቻት መጣ፣ ከዋትስአፕ 40። ሪፖርቱን ያየ ሰው ሜሴንጀር ረከሰ ይላል። ግን ሪፖርቱ የሚቆጥረው የተጀመረ ውይይትን ነው። ቻቱ ሲከፈት የሚታየውን የተዘጋጀ ጥያቄ በአንድ ንክኪ ልኮ የጠፋውም ተቆጥሯል። ከ60ዎቹ ስልካቸውን የሰጡት 15 ብቻ ቢሆኑና 3ቱ ቢገዙ፣ ከ40ዎቹ ደግሞ 5 ቢገዙ፣ ርካሽ የተባለው ተወደደ ማለት ነው።

ልዩነቱን የሚያመጣው ስልክ ቁጥሩ ነው። ሜሴንጀር ላይ የሚያገኙት ስምና ፎቶ ነው፤ ቁጥሩን ጠይቀው ካልተቀበሉ ቻቱ ሲቀዘቅዝ ደንበኛውም አብሮ ይጠፋል። ቻቱን በሌላ ሶፍትዌር በኩል የሚያስተዳድሩ ከሆነ ደግሞ ገደብ አለ። ደንበኛው ለመጨረሻ ጊዜ ከጻፈ በኋላ እንደልብ መመለስ የሚቻለው ለ24 ሰዓት ነው። እስከ 7 ቀን የሚያስኬድ ፈቃድ ቢኖርም፣ ሰው ራሱ ለሚጽፈው መልስ እንጂ ለማስታወቂያ አይሆንም። ስለዚህ ሜሴንጀርን ከመረጡ ቁጥሩን ቶሎ ይጠይቁ። ግን ምክንያት ይስጡት፦ «ልኩንና የማድረሻ ሂሳቡን ደውለን እንንገርዎት፣ ቁጥርዎ ስንት ነው?» ዝም ብሎ «ቁጥር ላኩ» ሰው ያሸሻል።

ዋትስአፕ ላይ ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያው መልእክት ጋር ይመጣል። እዚህ ግን ሁለት ዓይነት ዋትስአፕ አለ፤ ማስታወቂያ ገዢዎች የሚምታታባቸውም ይሄ ነው። አንዱ ስልክ ላይ የሚጫነው ዋትስአፕ ቢዝነስ ነው። በነፃ ነው፣ የ24 ሰዓቱ ገደብም አይነካውም። «አዲስ ደንበኛ»፣ «ክፍያ የሚጠበቅበት» እያሉ ቻቱ ላይ ምልክት መለጠፍ ይቻላል። ጉድለቱ በአንድ ሁለት ሰው እጅ ላይ መውደቁ ነው። ቁጥሩን ብሎክ የሚያደርጉና ለዋትስአፕ ሪፖርት የሚያደርጉ ሰዎች ከበዙ ደግሞ ቁጥሩ ሊታገድ ይችላል።

ሁለተኛው በኤፒአይ፣ ማለትም ዋትስአፕን ከሌላ ሶፍትዌር ጋር በሚያገናኝ መንገድ የሚሠራው ነው፤ ብዙ ሠራተኛ በአንድ ቁጥር የሚመልስበት። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በማስታወቂያ ለመጣ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ከመለሱለት፣ ለ72 ሰዓት የሚልኩት መልእክት አያስከፍልም። ታዲያ ሻጩ «ሦስት ቀን አለኝ» ብሎ ይዝናናል። ነፃ መሆን ግን እንደልብ መጻፍ ማለት አይደለም። ደንበኛው ከጻፈ 24 ሰዓት ካለፈ የሚያልፈው አስቀድሞ በሜታ የጸደቀ መልእክት ብቻ ነው። በሁለተኛው ቀን ሠራተኛው ይጽፋል፣ መልእክቱ አይሄድም፣ ጸድቆ የተዘጋጀ የለም፣ ደንበኛው ሌላ ቤት ገዝቷል። ማስታወቂያው ከመከፈቱ በፊት ቢያንስ አንድ ክትትል መልእክት አስጸድቀው ይያዙ።

ክትትሉ ራሱ የትም ቢሆን ያው ነው። ቻቱ በገባ በደቂቃዎች ውስጥ ይመልሱ፤ ሰውየው ስልኩ ገና እጁ ላይ ነው። የዋጋ ዝርዝር ሳይሆን መልስ ቀላል የሆነ አንድ ጥያቄ ይላኩ፦ «ለቢሮ ነው ለቤት?» ዝም ካለ፣ 24ቱ ሰዓት ከማለቁ በፊት አዲስ ነገር ይዘው ይመለሱ፤ የጠየቀው ወንበር ላይ ሰው ተቀምጦ የሚታይበት ፎቶ ለምሳሌ። «ምን ወሰኑ?» የሚለው መልእክት መልስ ሲያመጣ አላየሁም። ከዚያ ከሁለት ቀን በኋላ አንድ ጊዜ፣ በቃ።

ሁለት ሦስት ማስታወቂያ ባንዴ የሚያስኬዱ ከሆነ ደንበኛው ከፍቶ የሚያገኘውን የተዘጋጀ ጥያቄ ለየብቻ ይጻፉት። አንዱ «ስለ ጥቁሩ ወንበር» ይበል፣ ሌላው «ስለ ስብሰባ ጠረጴዛ»። ያኔ የትኛው ማስታወቂያ ገዢ እንዳመጣ ከቻቱ የመጀመሪያ መስመር ይታወቃል።

እኔን ከጠየቁኝ፣ ቻቱን አንድ ሰው የሚችለው ከሆነ የስልኩ ዋትስአፕ ቢዝነስ ይበቃል። ሦስት ሠራተኛ ተራ እየያዘ የሚመልስ ከሆነ ወደ ኤፒአይ ይሂዱ። ሜሴንጀርን የምመርጠው ደንበኞቼ ዋትስአፕ የማይጠቀሙ ሲሆን ብቻ ነው።