ስኳር ሲወርድ፦ ስኳር በውሃ ወይስ እንጀራ በሽሮ?

ቡሬ አካባቢ የሚያርሱ አጎቴ ጠዋት ኢንሱሊናቸውን ተወግተው፣ ቁርሳቸውን ሳይጨርሱ ለአጨዳ ወጡ። ረፋድ ላይ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፣ ቀዝቃዛ ላብ አጠመቃቸው፣ ያለ ምክንያትም ይቆጡ ጀመር። የደም ስኳር መለኪያው 54 አሳየ። ከ70 በታች ከሆነ ስኳሩ ወርዷል ማለት ነው።

አክስቴ እንጀራ በሽሮ ልታቀርብ ተነሳች። እንጀራም ስኳር ይሆናል፤ ግን መጀመሪያ መፈጨት አለበት፣ የወጡ ዘይት ደግሞ ያዘገየዋል። ውሃ ውስጥ የሟሟ ስኳር ግን ቶሎ ወደ ደም ይገባል። ስለዚህ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ማለትም 15 ግራም ገደማ፣ በግማሽ ብርጭቆ ውሃ በጥብጠን ሰጠናቸው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማርም ያንኑ ያህል ይሠራል፤ የጎጃም ቤት ደግሞ ማር አያጣም። ችግሩ ጣት ላይ የቀረ ማር መለኪያውን ያሳስተዋል፣ ስኳሩ የወጣ ያስመስላል። ጣትን ታጥቦ ማድረቅ ያስፈልጋል።

ከ15 ደቂቃ በኋላ 66 ሆነ። አልበቃም፤ ያንኑ መጠን ደገምን። ከሌላ 15 ደቂቃ በኋላ 92።

የአክስቴ እንጀራ ተራው ያኔ ደረሰ። ፈጣኑ ስኳር ቶሎ ያልቃል፣ የጠዋቱ ኢንሱሊን ግን ገና እየሠራ ነው፤ እንጀራው ባይከተል ስኳሩ ተመልሶ ይወርድ ነበር።

ራሱን ለሳተ ሰው ግን ሁለቱም አይሆኑም፤ ትን ሊለው ይችላል። አፉ ውስጥ ምንም ሳይጨመር በጎኑ አስተኝቶ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው።