ቅዳሜ ጠዋት ቱሉ ዲምቱ ላይ ፎርም የሚያስሞሉት ጋሼ

ሰላም ጎረቤቶች። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለለመኑኝ ጋሼ ብቻ እላቸዋለሁ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አካባቢ ቅዳሜ ጠዋት ከክፍለ ሀገር ለመጡ ሰዎች ፎርም የሚያስሞሉ በጎ ፈቃደኞች አሉ። ኮሚናሉ ውስጥ አንድ ጠረጴዛና የተወሰኑ የፕላስቲክ ወንበሮች ናቸው ያላቸው። ጋሼ ጡረታ የወጡ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው። ይህን የምጽፈው እሳቸውን ለማመስገን ነው፤ ደግሞም የእኛን ስህተት ሌላ ሰው እንዳይደግመው።

አክስቴ ከመርሐቤቴ የመጣችው ልጇን ለማረስ ነበር። ቆይታዋ ሲረዝም የባንክ ደብተር ልክፈት አለች። ባንኩ ፋይዳ ጠየቀ። እኔ ሥራ ላይ ስለነበርኩ አንድ ኮምፒውተር ቤት ሄዳ ቅድመ ምዝገባውን አስሞላች። ልጁ ፈጣን ነው፣ አምስት ደቂቃም አልፈጀበትም። ወረቀቱን ማታ ሳየው ግን አክስቴ ብዙ ዓመት አርጅታለች፣ አባቷም ሌላ ሰው ሆኗል።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበርና ይዣት ሄድኩ። ሃያ ምናምን ሰው ተቀምጧል። አብዛኛው የቀን ሥራ ፍለጋ የመጣ ወጣት ነው፣ ሁለት ሦስት ሕፃን ያዘሉ እናቶችም አሉ። ጋሼ ቆመው ንግግር አደረጉ። ንግግር ስል ስብሰባ ላይ የለመድነው ዓይነት አይደለም።

«እንኳን ደህና መጣችሁ» አሉ። «እዚህ ማንም ለምን መጣህ አይላችሁም። እኔም ስመጣ አንድ ጋቢና አንድ የማላውቀው ሰው አድራሻ ነበር የያዝኩት። ፎርም የከበዳችሁ ስላልተማራችሁ አይደለም፣ ፎርም የተማረም ያስቸግራል። ዲግሪ ያለው ሰው የአያቱን ስም የአባት ቦታ ላይ ሞልቶ አይቻለሁ። ማንበብ የማይችል እጁን ያውጣ አልልም። ሁላችሁንም አንድ በአንድ እጠራለሁ፣ ሁላችሁንም አነብላችኋለሁ፤ ስለዚህ ማን ይችላል ማን አይችልም የሚታወቅበት ነገር የለም።»

እዚህ ጋ አጠገቤ የነበረ አንድ ጎረምሳ ትከሻው ዝቅ ሲል አየሁት። አጎንብሶ ነበር የቆየው፣ ቀና አለ።

ከዚያ ቀጠሉ። «ሁለት ነገር አታምታቱ። ፋይዳ ማን እንደሆናችሁ ነው የሚናገረው። የት እንደምትኖሩ አይናገርም። የነዋሪነት መታወቂያ የምትፈልጉ ከመጣችሁበት ወረዳ ወይም ቀበሌ መሸኛ ያስፈልጋችኋል፣ አከራያችሁንም ማነጋገር አለባችሁ። መሸኛ እኔ ልጽፍላችሁ አልችልም። እጽፍልሃለሁ፣ ገንዘብ አምጣ የሚላችሁ ካለ ሽሹት። የፋይዳ ምዝገባ ደግሞ በነፃ ነው።»

በቃ፣ ይኸው ነው። አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው። ወዲያው መነጽራቸውን አድርገው ተቀመጡ።

የአክስቴ ተራ ሲደርስ የኮምፒውተር ቤቱን ወረቀት አዩና ምንም አላሉም። ወደ ጎን አደረጉት።

«እትዬ፣ መቼ ተወለዱ?»

«እኔ እንጃ ጋሼ። እናቴ የጥምቀት ማግስት፣ በሚካኤል ነው የወለድኩሽ ትለኝ ነበር። ክርስትና ስነሳ አገሩ በአብዮት ይታመስ ነበር አሉ።»

ጋሼ ፈገግ አሉ። «እንጃ ይላሉ እንዴ! ከዚህ በላይ ማን ያውቃል?» ወረቀት አወጡና ጻፉ። ጥምቀት ጥር 11 ነው፣ ማግስቱ ሚካኤል 12። አብዮቱ የፈነዳው የካቲት 1966 ነው። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በ80 ቀኗ ስለሆነ ጥር የተወለደች ልጅ ሚያዝያ ላይ ትነሳለች፣ ያኔ አብዮቱ ጦፏል። ስለዚህ ጥር 12 ቀን 1966 ዓ.ም.። አክስቴ የልደት ቀኗን ሙሉውን ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር መሰለኝ፣ ሁለት ጊዜ አስደገመቻቸው።

ስህተቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። የኮምፒውተር ቤቱ ልጅም ከነገረችው ተነስቶ ያንኑ ቀን አስልቶ ነበር፤ ግን ለእሷ ሳይነግራት 12/05/1966 ብሎ የፈረንጆቹ ቀን የሚሞላበት ሳጥን ውስጥ አስገብቶታል። ጥር በእኛ አምስተኛ ወር ነው፣ እሱ እንዳለ ገለበጠው። ለሚያነበው ግን አክስቴ በፈረንጅ ሜይ 1966 የተወለደች ሴት ሆነች። ትክክለኛው ጃንዋሪ 20 ቀን 1974 ነው። ጋሼ እንዳስረዱኝ ዓመት ሁልጊዜ ስምንት አይደመርም። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ ሰባት ነው፣ ከዚያ ወዲህ ስምንት። ወሩንና ቀኑንም መቀየር አይቀርም። ስለዚህ ፎርም ፊት ስትቀመጡ መጀመሪያ የምታዩት ሳጥኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደሚጠይቅ ነው።

ሁለተኛው ጣጣ የአባቷ ስም ነበር። አባቷ፣ ማለትም የእኔ አያት፣ ስሙ ገብረ ማርያም ነው። ልጁ በመሃል ክፍተት አድርጎ Gebre Mariam ሲል ጻፈውና Gebre አባት፣ Mariam አያት ሆኑ። የእውነተኛው አያቷ ስም ጭራሽ ጠፋ። ጋሼ አንድ ላይ Gebremariam አድርገው ጻፉት። ቀጥለው ግን የጠየቁት ጥያቄ ነው የገረመኝ፤ «ሌላ ወረቀት ላይ በእንግሊዝኛ እንዴት ነው የተጻፈው?» አሉ። አክስቴ ምንም የላትም። ፓስፖርት ወይም የትምህርት ማስረጃ ያለው ሰው ግን በዚያው ፊደል መሄድ አለበት፤ አንዱ ላይ y ሌላው ላይ i ከሆነ ባንክ ቤት «ይህ ያንተ አይደለም» ይሉታል። የክርስትና ስምም አታስገቡ አሉ፣ ሰው የሚጠራችሁን ነው።

ስልክ ቁጥሩ ላይ እኔ የራሴን ልሰጥ ነበር። ከለከሉኝ። የምስጢር ቁጥሩ በአጭር መልእክት የሚመጣው በዚያ ስልክ ነው፣ እኔ ሥራ ላይ ብሆን እሷ ባንክ ቤት ቆማ ትቀራለች። «የእሷ ስልክ ይሁን፣ ቁልፍ ያለው ትንሿም ቢሆን ይሠራል» አሉ።

የሚገርመው፣ አሻራና የዓይን ፎቶ ገና ስላልሰጠች ሁሉም በቀላሉ ተስተካከለ። ተመዝግባ ቢሆን ኖሮ የልደት ቀን ለማስቀየር ማስረጃ ልንፈልግ ነበር፣ እሷ ደግሞ ከእናቷ ቃል በቀር ማስረጃ የላትም።

አንድ ቅር ያለኝን ልናገር፣ ምስጋና ብቻ እንዳይሆን። ጋሼ ቀስ ይላሉ። ለእያንዳንዱ ሰው ሃያ ደቂቃ ይፈጅባቸዋል፣ እኛ ከሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ተኩል ጠብቀናል። የሚቸኩል ሰው ይናደዳል፣ አንዱ ጥሎ ሄዷል። ሻይም የለም፣ ዳቦ ያዙ።

ገንዘብ አይቀበሉም። አክስቴ ከመቀነቷ አንድ ሃምሳ ብር ፈትታ ብታወጣ ተቆጡ። ቆሎ ግን ተቀበሉ። በሚቀጥለው ቅዳሜ የምትሄዱ ሰዎች ያላችሁን ወረቀት ሁሉ፣ የተቀደደውንም ጭምር ይዛችሁ ሂዱ። እስክሪብቶም ያዙ፤ ያዋሱት ሁሉ አይመለስም እያሉ ሲያማርሩ ነበር፣ እኔም ቤት ገብቼ ኪሴን ስፈትሽ የእሳቸውን አገኘሁ። ቅዳሜ እመልሳለሁ ጋሼ።