በቀን ሶፋ፣ በሌሊት ቁልቁለት

ሶፋ አልጋ ከገዛሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ለመቀመጫ አይከፋም። ጨርቁ አልተቀደደም፣ ብረቱም አልተንቋቋም። ስለዚህ ብዙ አልልም። የምጽፈው ስለ ቁልቁለቱ ነው።

ቤቴ ደብረ ማርቆስ ነው፣ የኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ። አልጋዬ፣ ቁም ሳጥኑና ሶፋው ከገቡ በኋላ የሚተርፈው መተላለፊያ ብቻ ነው። እንግዳ ግን አይቀርም። ከቢቸና፣ ከአማኑኤል፣ ከደጀን ለሐኪም ቀጠሮ ወይም ለፍርድ ቤት ጉዳይ የሚመጣ ዘመድ አንድ ሁለት ሌሊት ያድራል። አብዛኞቹ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ነው። ስለዚህ ምርጫው ሦስት ነበር። አንዱ ሶፋ አልጋ ነው። ሁለተኛው የቀን አልጋ ነው፤ ግድግዳ ተጠግቶ ቀን ትራስ ተደርድሮበት ይቀመጡበታል፣ ማታ ትራሱ ተነስቶ ይተኙበታል። ሦስተኛው ታጣፊ ፍራሽ።

ሻጩ አፉ ማር ነው። «በቀን ሶፋ፣ በሌሊት አልጋ፤ በአንድ ዋጋ ሁለት ዕቃ» አለኝ። ሱቁ ውስጥ ዘርግቶ አሳየኝ፣ ተጋደምኩበት፣ ደልዳላ ነበር። አዲስ ሲሆን ሁሉም ደልዳላ ነው!

የእኔ ዓይነቱ ጀርባው የሚተኛ ነው። ጀርባውን ወደ ፊት ስትስበው ቀጭ ይላል፤ ስትለቀው ወደ ኋላ ተዘርግቶ ከመቀመጫው ጋር ይገጥማል። እንግዲህ ማታ ከሚተኛበት ላይ ግማሹ መቀመጫው፣ ግማሹ ጀርባው ነው ማለት ነው። ጣጣው ያለው እዚህ ላይ ነው። መቀመጫው ላይ በየቀኑ ይቀመጡበታል። ቡና ይጠጣበታል፣ ቴሌቪዥን ይታይበታል፣ አንዳንዴም ልብስ ይታጠፍበታል። ጀርባው ግን ደገፍ ከማለት በቀር ክብደት አያውቅም። ወራት ሲያልፉ የመቀመጫው ስፖንጅ ይሰምጣል፣ የጀርባው እንደ አዲስ ይቆያል። ሲዘረጋ አንዱ ጎን ዝቅ፣ አንዱ ጎን ከፍ ይላል። መሃል ላይ ደግሞ ስፌቱ አለ።

ይህን ቶሎ ያላወቅሁት በይሉኝታ ምክንያት ነው። የእኛ እንግዳ ጎኑ ቢላጥም «ደህና አደርኩ» ነው የሚለው። አክስቴ መጥታ ካደረች በኋላ ጠዋት «እንዴት አደሩ፣ እትዬ?» አልኳት። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምን ጎድሎኝ» አለች። አንሶላውን ሳነሳ ግን ጋቢዋ በቁመቱ ታጥፎ ዝቅ ባለው ጎን ስር ገብቷል። ሌሊቱን ሙሉ በዚያ ብርድ ጋቢዋን ለሶፋው አልብሳ ራሷ በቀጭን ብርድ ልብስ አድራለች። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፤ ያለ ጋቢ ማደር ቀልድ አይደለም።

ከዚያ ራሴ ተኛሁበት። በጀርባህ ስትተኛ ብዙም አይታወቅህም። በጎንህ ስትዞር ዳሌህ ስፌቱ ላይ ያርፍና ሰውነትህ ቀስ እያለ ወደ ጠርዙ ይንሸራተታል። ጠዋት የመጥረጊያ እንጨት አምጥቼ ከጀርባው ወደ መቀመጫው አጋደምኩት። በመቀመጫው በኩል ሁለት ጣት ያስገባል። አሁን ለሚገዛ ሰው የምመክረው ይህን ነው። ሱቁ ውስጥ ለዕይታ የቆመውን፣ ሰው ሲቀመጥበት የከረመውን ዘርጉልኝ በሉና እንጨት አጋድሙበት። ሻጩ ከሳቀ ይሳቅ።

ሶፋ ሠሪ ጠራሁ። መቀመጫውን ከፍቶ ጠንከር ያለ አዲስ ስፖንጅ አስገባ። ቁልቁለቱ ተገለበጠ! አሁን መቀመጫው ከፍ አለና እንግዳው የሚንሸራተተው ወደ ግድግዳው ሆነ። የሁለቱንም ጎን ስፖንጅ አንድ ላይ ካልቀየርክ አይስተካከልም፤ ቢስተካከልም መቀመጥህን እስካልተውክ ድረስ ተመልሶ ይሰምጣል። ስፖንጁ ከሽፋኑ ጋር ስለተሰፋ አውጥተህ ልትገለብጠው አትችልም። ማስታገሻ አለ፤ ዝቅ ባለው ጎን ብቻ ብርድ ልብስ በቁመቱ አጥፎ ማንጠፍ፣ ከላዩ 5 ሳንቲ ውፍረት ያለው ስፖንጅ ሁለቱን ጎን አገናኝቶ ማልበስ። ይሠራል። እሺ ጌታዬ፣ አልጋ ብለህ የሸጥክልኝ ላይ ፍራሽ የማነጥፍበት ከሆነ ሁለተኛው ዕቃ የታለ?

ሌላም አለ። ጀርባው ወደ ኋላ ስለሚተኛ ሶፋውን ከግድግዳው መሳብ አለብህ። ለመሳብ ጠረጴዛውን ማንሳት፣ ጠረጴዛውን ለማስቀመጥ ደግሞ በሩን መዝጋት። እንግዳው ቆሞ «ኧረ ተወው፣ እኔ ወንበር ላይም አድራለሁ» ይላል።

«ታዲያ ታጣፊ ፍራሽ አትገዛም ነበር?» የሚል አይጠፋም። ጎረቤቴ አላት፤ ሦስት ቦታ የሚታጠፍ፣ ቁም ሳጥን ላይ የሚወጣ። ለወጣት አሪፍ ነው። ጉልበቱን ለሚያመው ሽማግሌ ግን ከመሬት መነሳት ፈተና ነው፣ በተለይ ሌሊት ሽንት ቤት ለመሄድ። ደግሞ የእኛ ወለል ቀዝቃዛ ነው። የተኛው ሰው ላብና ሙቀት በስፖንጁ ያልፍና ቀዝቃዛው ሴራሚክ ላይ ሲደርስ ውሃ ይሆናል። ጠዋት ስታነሳው ስሩ እርጥብ ነው። ሳታደርቅ አጥፈህ ካስቀመጥከው ሻጋታ ያወጣል፤ ጎረቤቴ ክረምት ላይ ደርሶባታል። እንግዳ ከሄደ በኋላ ወዲያው አለማጠፍ፣ ግድግዳ ላይ አስደግፎ ሁለቱንም ፊት ማናፈስ ነው።

ልቤን የወሰደው ፍኖተ ሰላም ያለችው እህቴ ያሠራችው የቀን አልጋ ነው። 190 በ90፣ ከእነ ፍራሹ ከመሬት 45 ሳንቲ ያህል። አሮጊት እንኳ ያለ ደጋፊ ትነሳበታለች። ማታ ትራሱን ማንሳት ነው፣ በቃ። የሚሳብ የለም፣ የሚገፋ የለም። ቀን የሚቀመጡበት ፍራሽ እሱም ጠርዙ ላይ ይሰምጣል፤ ግን ራሱን የቻለ ፍራሽ ስለሆነ በየጊዜው ትገለብጠዋለህ፣ ራስጌውን ወደ ግርጌ ታዞረዋለህ። የእኔ ሶፋ የማይችለው ይህንኑ ነው። ጉድለቱ 90 ሳንቲ ለመቀመጫ መስፋቱ ነው፤ እግር ሰቅሎ እንደ ሕፃን ያስቀምጣል። እህቴ ከኋላ ወፍራም ትራስ ደርድራ መቀመጫውን ወደ 55 ሳንቲ አጥብባዋለች። ሌላው፣ የሚያስተኛው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሁለት ከመጡ ታጣፊው ፍራሽ ይጨመራል። እግሩ ከፍ ተደርጎ ከተሠራ ከስሩ ይገባል፤ ስታሠሩ የታጠፈውን ፍራሽ ውፍረት ለክታችሁ ለአናጢው ንገሩት።

እኔም ለአናጢ አዝዣለሁ። ርብራቡን ከባህር ዛፍ ነው የሚሠራው፤ እንጨቱ በደንብ እስኪደርቅ ጠብቅ ብሎኛል፣ እርጥብ ከሆነ ይጣመማል። እስከዚያ ዘመድ ከመጣ አልጋዬን ለቅቄ ሶፋው ላይ የምተኛው እኔ ነኝ። ሶፋው ይሸጣል። ለመቀመጫ ጥሩ ነው። አልጋ ነው ወይ ብሎ ለሚጠይቅ ግን አልሸጥም።