ቦሌ፣ ፒያሳ፣ ላሊበላ፦ የተጠቀምንባቸው አገልግሎቶችና በትህትና ያለፍናቸው ሰዎች

ከሲልቨር ስፕሪንግ ለእረፍት አገር ቤት ገብተን ነበር፤ እኔ፣ ባለቤቴና አሜሪካ ተወልዶ ያደገው ልጃችን። ልጁ አማርኛ ይሰማል፣ ብዙ ግን አይናገርም። ስለዚህ ከእንግዳ ገንዘብ ለማግኘት የሚሞክሩ ሰዎች በየሄድንበት መጀመሪያ የሚጠጉት እሱን ነበር። ይህን የምጽፈው በቅርቡ ለምትጓዙ ነው፤ በተለይ ልጆች ይዛችሁ ለምትሄዱ።

ከቦሌ ልጀምር። ከሕንፃው ሳትወጡ ብር መንዝሩ፣ ሲም ካርድ አውጡ፣ መኪና ጥሩ። አንዴ ከወጣችሁ ተመልሶ መግባት ጣጣ ነው፤ ፍተሻ አለ፣ ትኬት ይጠየቃል። ውጭ ደግሞ «ዶላር አለሽ? ጥሩ እመነዝርልሻለሁ» የሚል አይጠፋም። መንገድ ላይ መመንዘር ሕገወጥ ነው። ብሩን ፊታችሁ ቆጥሮ ሲያስረክብ መሀል ላይ አጥፎ የሚያጎድልም አለ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የባንኩና የጥቁር ገበያው ልዩነት ከድሮው ጠቧል። ለትንሽ ትርፍ ብሎ ያንን ሁሉ ስጋት መውሰድ አያዋጣም።

ሻንጣ ላይ ያለው ነገር በትህትና ይጀምራል። አንድ ሰው «እንኳን ደህና መጣችሁ» ብሎ ጋሪውን ይይዛል። መኪናው ጋ ስትደርሱ ሁለት ሰው ተጨምሮ ሻንጣ ያነሳል። ከዚያ ሦስቱም ለየብቻ ይጠይቃሉ። ብር ስትሰጡ «ዶላር የለም?» ይላሉ። መላው ያለው መጀመሪያው ላይ ነው፤ ጋሪው ከእጃችሁ ሳይወጣ። እኔ ጋሪውን በሁለት እጄ ይዤ፣ መራመዴን ሳላቆም፣ «እንኳን ደህና ቆያችሁን ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ እኛው እንገፋለን» እላለሁ። ሰላምታው ሙሉ ነው፣ እምቢታውም ሙሉ ነው። በዕድሜ የገፉ ከሆኑ «አባቴ፣ እርስዎ አይድከሙ፣ ልጄ ይገፋዋል» ይበቃል። በእውነት እርዳታ ከፈለጋችሁ ግን አንድ ሰው ብቻ ምረጡ፣ ዋጋውን በብር ተነጋገሩ፣ ከዚያ ጋሪውን ስጡ።

መኪናውን በራይድ ነው የጠራነው። መተግበሪያውን መጫን ካልፈለጋችሁ 8294 መደወል ይቻላል። በአገልግሎቱ ረክቻለሁ። ሹፌሩ ስልካችን ላይ ደውሎ የት እንደቆመ ነገረን፣ ሻንጣውን አመቻችቶ ጫነ፣ ሂሳቡም ግምቱ ላይ ካየነው ብዙ አልራቀም። ችግሩ ያለው በሕንፃውና በመኪናው መሀል ነው። መኪና ማቆሚያው ላይ «ራይድ? ራይድ ነው የጠራችሁት?» እያሉ የሚቀርቡ አሉ። አዎ ካላችሁ «እኔ ነኝ፣ ኑ» ይላሉ። ስማችሁንም፣ የምትሄዱበትንም አያውቁም። ስትደርሱ የሚጠየቀው ሒሳብ እነሱ በቃል የሚነግሯችሁ ነው።

እኔ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የምጠይቀው፦ «ማንን ለመውሰድ ነው የመጣኸው?» ስሜን እኔ ቀድሜ አልነግረውም። የተጠራው ሹፌር ስልኩን አይቶ ይመልሳል፤ ታርጋውም መልእክት ላይ ከመጣው ጋር ይገጥማል። ያልተጠራው ወሬ ይቀይራል። ያኔ «ወንድሜ፣ የኔ መኪና ታርጋው ሌላ ነው። መልካም ሥራ» ብሎ ማለፍ ነው። ማንንም ሌባ ማለት አያስፈልግም።

ሌላም አለ። በትክክል የጠራችሁት ሹፌር ራሱ «ሰርዢውና በእጅ እንነጋገር» ሊል ይችላል። የኮሚሽኑ ነገር እንደሚከብደው ይገባኛል። ነገር ግን ጉዞው ከተሰረዘ በኋላ ዋጋውም፣ መንገዱም፣ ረስታችሁት የወረዳችሁት ቦርሳም መዝገብ የለውም። «ቤተሰብ ጉዞዬን ስልክ ላይ እየተከታተለኝ ነው፣ እንዳለ ይሁንልኝ፤ ጉርሻህን ለብቻ እሰጥሃለሁ» ማለት ይሻላል። የኛው ሹፌር ከሆቴል ስንመለስ ይህንኑ ጠይቆን፣ እንዲህ ስለው በሳቅ ነው የተቀበለኝ። ጉርሻውንም ሰጠሁት።

ፒያሳና ስድስት ኪሎ አካባቢ፣ ከብሔራዊ ሙዚየሙ ድንቅነሽን አይተን ስንወጣ፣ ሁለት ወጣቶች ልጄን በእንግሊዝኛ ያዙት። ተማሪዎች ነን አሉ። ዛሬ የባህል በዓል አለ፣ ጭፈራ አለ፣ ነገ አይገኝም፣ ቅርብ ነው። ይህ በጣም የቆየ ዘዴ ነው። ቤቱ ስትደርሱ ጠጅ ይቀዳል፣ ጫት ይዘረጋል፣ ዘፋኝና ጨፋሪ ይመጣል፤ ሂሳቡ ሲመጣ የጋበዛችሁም የጠጣው ሁሉ በእናንተ ነው። በሩ ላይ ጠንከር ያለ ሰው ቆሞ ይሆናል።

እውነተኛ ተማሪም እንግሊዝኛ መለማመድ ይፈልጋል። ስለዚህ ሁሉን መጠርጠር ልክ አይደለም። የኔ መለያ ቦታውን መቀየር ነው። «ልጆቼ፣ መጫወት ከሆነ ደስ ይለኛል። እዚሁ ማዶ ካለው ካፌ ማኪያቶ ልጋብዛችሁ» አልኳቸው። ተያዩና «የኛው ይሻላል» አሉ። እኔም «እንግዲያው ተባረኩ፣ ሰው ይጠብቀናል» ብዬ ልጄን ይዤ ሄድኩ። ማውራት የፈለገ ሰው የትም ቁጭ ብሎ ያወራል። የተወሰነ ቤት ካልሆነ የሚል ከዚያ ቤት የሚያገኘው ነገር አለው።

ላሊበላ ላይ ቆየት ልበል። በአውሮፕላን ነው የሄድነው፤ የመንገዱን ሁኔታ ከመነሳታችሁ በፊት አጣሩ። አውሮፕላን ማረፊያው ከከተማው ወደ 25 ኪሎ ሜትር ይርቃል፣ ስለዚህ ሆቴሉ መኪና እንዲልክ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። «የያዛችሁት ሆቴል ሞልቷል፣ ሌላ አሳያችኋለሁ» የሚል ከመጣ ከመሄዳችሁ በፊት ራሳችሁ ወደ ሆቴሉ ደውሉ።

አሥራ አንዱን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በአንድ ትኬት ነው የምታዩት። ትኬቱ ደረሰኝ አለው፣ ያዙት። ከቤተ መድኃኔ ዓለም እስከ ቤተ ጊዮርጊስ በር ላይ እንደገና መግቢያ ክፈሉ የሚላችሁ ሰው ካለ ትኬቱን አሳይታችሁ «አባቴ፣ ከፍለናል» በሉ። ከከተማ ውጭ ያሉት ግን፣ እንደ ይምርሐነ ክርስቶስና እንደ ነአኩቶ ለአብ፣ የየራሳቸው መግቢያ አላቸው። እዚያ መጠየቃችሁ ትክክል ነው። ካህኑ መስቀሉን ይዘው ለፎቶ ሲቆሙላችሁም ለእጃቸው የመስጠት ግዴታ የለባችሁም። መስጠት ካሰባችሁ ሙዳየ ምጽዋት አለ።

አስጎብኚያችንን የያዝነው በማኅበራቸው በኩል ነው፤ ፎቶ ያለበት ባጅ አንገቱ ላይ አለ። ዋጋው ለቡድን እንጂ በነፍስ ወከፍ እንዳልሆነ፣ ሁሉንም የአብያተ ክርስቲያናት ምድብ እንደሚያካትት፣ የጫማ ጠባቂው ከዚያ ውጭ መሆኑን ሳንነሳ ተስማማን። ጫማ ጠባቂው ማታለያ አይደለም። በየቤተ ክርስቲያኑ ጫማ ይወልቃል፤ እሱ በአንዱ በር የወለቀውን በሌላው በር ይዞ ይጠብቃችኋል። ሁለቱም ለገንዘባቸው የሚገባውን ሠርተዋል።

አሁን «መጽሐፍ ግዙልኝ» ወደሚለው ዘዴ ልምጣ። ልጄን ወደ ቤተ ጊዮርጊስ በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ ጎበዝ ልጅ ተጠጋው። እንግሊዝኛው ያምራል። ገንዘብ አልፈልግም አለ፣ ደጋግሞ። የሚፈልገው መዝገበ ቃላት ነው፣ ለፈተና። ከገጠር መጥቶ ቤት ተከራይቶ እንደሚማርም ነገረው። ይህ ውሸት ላይሆን ይችላል፤ ከአካባቢው ገጠር ወጥተው በከተማው ብቻቸውን እየኖሩ የሚማሩ ልጆች ብዙ ናቸው። ልጄ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ሱቁን ግን ልጁ ነው የሚመርጠው። መጽሐፉ በላስቲክ እንደተጠቀለለ ነው፤ ዋጋው ሌላ ቦታ ከሚሸጥበት እጥፍ ድርብ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ገዝታችሁ ትሰጡታላችሁ፣ ፎቶ ትነሳላችሁ፣ ትሄዳላችሁ። ማታ መጽሐፉ ወደ ሱቁ ይመለሳል፣ ትርፉን ይካፈላሉ፣ በማግሥቱ ያው መጽሐፍ ለሌላ እንግዳ ይሸጣል። «ለቡድናችን ኳስ ግዙልን» የሚለውም በዚሁ መንገድ ነው የሚሄደው። ገንዘብ አልፈልግም ማለቱ ነው ሰውን የሚያሳምነው።

ሱቁ በር ላይ ቆመን ልጁን እንዲህ አልኩት፦ «የኔ ልጅ፣ ደስ እያለኝ እገዛልሃለሁ። ላስቲኩን እንቅደድና የመጀመሪያው ገጽ ላይ ስምህንና ትምህርት ቤትህን በእስክሪብቶ ልጻፍበት።» ባለሱቁ ቀድሞ መለሰ፤ መጽሐፍ ሲጻፍበት ያምራል እንዴ አለ። ልጁ መሬት መሬት አየ። ስም የተጻፈበት መጽሐፍ ተመልሶ አይሸጥም፤ ሁለቱም ያውቃሉ።

አልተቆጣሁም፤ ልጁ ችግር እንዳለበት አምናለሁ። ከኮቪድና ከጦርነቱ ወዲህ ያቺ ከተማ እንግዳ ርቋታል፣ የሚኖሩት ደግሞ በእንግዳ ነው። «ጠዋት ትምህርት ቤትህ እንሂድና ከርዕሰ መምህሩ ጋር እንነጋገር፤ የሚያስፈልግህን በሳቸው በኩል እገዛለሁ» አልኩት። እሺ አለኝ፤ በማግሥቱ ግን አልመጣም። ትምህርት ቤቱን ግን ሄድንበት። ደብተርና እስክሪብቶ ገዝተን ለቢሮው አስረከብን፣ ተመዝግቦም ደረሰኝ ተሰጠን። መርዳት ለምትፈልጉ ይህ መንገድ ክፍት ነው።

አንድ ነገር አጥብቄ ልንገራችሁ። እኛ በይሉኝታ «እሺ፣ በኋላ» ወይም «ነገ እናያለን» ማለት እንወዳለን። ላሊበላ ላይ ይህ ቀጠሮ ነው። ጠዋት የሆቴሉ በር ላይ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ፣ «ትናንት ቃል ገብታችሁልኛል» ይላል፤ እውነቱን ነው። ለመግዛት ካላሰባችሁ ያኔውኑ፣ ቀኝ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጋችሁ፣ ጎንበስ ብላችሁ «አይ ወንድሜ፣ አልገዛም፣ እግዜር ይስጥልኝ» በሉ። ሁለተኛ ሲጠይቅ ያንኑ በዚያው ድምፅ ድገሙት። ምክንያት አትደርድሩ፤ ለእያንዳንዱ ምክንያት መልስ አለው። «ብር አልያዝኩም» ካላችሁ «ሆቴል ድረስ አብሬህ እሄዳለሁ» ይላል።

አማርኛ ለማይናገሩ ልጆቻችሁ ሳትነሱ ሁለት አረፍተ ነገር አስጠኗቸው፦ «አመሰግናለሁ፣ አልፈልግም» እና «እናቴን ጠይቃት»። የኔው ልጅ በጉዞው መጨረሻ ሁለተኛዋን አቀላጥፎ ይላት ነበር፤ ሰዎቹም ከሱ ይልቅ ወደኔ መምጣት ጀመሩ።