የቡና ዲክላራሲዮንና ኢንቮይስ ወደ ሩሲያኛ ለማስተርጎም፦ የከተማችን ትርጉም ቤት፣ የአዲስ አበባ ባለሙያ ወይስ የገዢው ትራንዚተር?

ከድሬዳዋ ተነሥቶ በጅቡቲ በኩል ወደ ሩሲያ የሚሄድ ቡና ሰነዱ በእንግሊዝኛ ተዘጋጅቶ ይሄዳል። ሩሲያ አባል የሆነችበት የዩራሲያ ኢኮኖሚ ኅብረት የጉምሩክ ሕግ በውጭ ቋንቋ የተጻፈ ሰነድ ማቅረብን ባይከለክልም፣ ለጉምሩክ ትርጉም የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። በተለይ የተገለጸው ዋጋ ሲያጠራጥረው የላኪውን አገር ዲክላራሲዮን ከነትርጉሙ ይጠይቅና ከኢንቮይሱ ጋር ያመሳክረዋል። ስለዚህ ሁለቱ ሰነዶች በሩሲያኛም አንድ ነገር መናገር አለባቸው፤ ተርጓሚ የሚመረጠውም በዚህ መለኪያ ነው።

ነገሩን በአንድ ጭነት እንየው። 320 ጆንያ የሐረር ቡና፣ እያንዳንዱ 60 ኪሎ፣ የተጣራ ክብደቱ 19,200 ኪሎ ነው እንበል፤ ይህ አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር የሚይዘው የተለመደ ጭነት ነው።

የመጀመሪያው አማራጭ ከዚራ አካባቢ ያሉትን የመሰሉ የከተማ ትርጉም ቤቶች ናቸው። በቅርብ ይገኛሉ፣ ቶሎ ያደርሳሉ፣ ማኅተምም ይመታሉ። ነገር ግን አብዛኛው ሥራቸው የልደትና የትምህርት ማስረጃ በመሆኑ የንግድ ሩሲያኛ አይደርሳቸውም። እኔ ራሴ ካሠራሁት አንድ ትርጉም ላይ «ኢንቮይስ» የሚለው «ስቾት-ፋክቱራ» ተብሎ ነበር። መዝገበ ቃላት እንዲህ ቢሰጥም፣ በሩሲያ ይህ ስም የአገር ውስጥ የተጨማሪ እሴት ታክስ ሰነድ መጠሪያ ነው፤ ለውጭ ንግድ የሚባለው ራሱ «ኢንቮይስ» ነው። ጆንያውም «ሜሾክ» መባል ሲገባው «ሱምካ» ተብሎ የእጅ ቦርሳ ሆኖ ነበር። ይህ ያስቃል እንጂ ብዙ አይጎዳም። የሚጎዳው 19,200 የሚለው ቁጥር ከነጠላ ሰረዙ መገልበጡ ነው፤ በሩሲያ አጻጻፍ ነጠላ ሰረዝ አሥርዮሽን ስለሚለይ፣ ቁጥሩ አሥራ ዘጠኝ ነጥብ ሁለት ኪሎ ተብሎ ይነበባል። ትክክለኛው አጻጻፍ ሺውን በክፍት ቦታ መለየት ነው፤ 19 200።

በሁለተኛ ደረጃ፣ በሶቪየት ዘመን ሶቪየት ኅብረት የተማሩ አዲስ አበባ ያሉ ባለሙያዎች አሉ። ሩሲያኛቸው ጥሩ ነው፤ የቁጥሩንም ጉዳይ አይስቱም። የሚፈተኑት በዕቃው መግለጫ ላይ ነው። የቡናው ታሪፍ ቁጥር 0901.11 ሲሆን፣ እንግሊዝኛው «ያልተቆላ፣ ካፌይኑ ያልወጣለት» ይላል፤ የሩሲያኛው ታሪፍ ግን ይህንኑ «ያልተቆላ፣ ካፌይን ያለው» ብሎ ነው የሚገልጸው። ቃል በቃል የተተረጎመ መግለጫ ስሕተት ባይባልም ከታሪፉ ጽሑፍ ጋር አይገጥምም፤ የማይገጥም መግለጫ ደግሞ ጥያቄ ይጋብዛል። በንግድ የተለመደው «አረንጓዴ ቡና» የሚለው አባባልም ብቻውን አይበቃም፤ ከታሪፉ ቃል በኋላ ሊታከል ይችላል። «ደረጃ 4» የሚለውም ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ «ሶርት» የሚለው የሩሲያኛ ቃል የጥራት ደረጃንም የተክል ዝርያንም ስለሚያመለክት፣ የጥራት ደረጃ መሆኑ ተብራርቶ ካልተጻፈ አራተኛ ዝርያ ያስመስለዋል። «ቀረጥ» እና «የአገልግሎት ክፍያ» በዲክላራሲዮኑ ላይ ለየብቻ ስለሚሰፍሩ፣ የመጀመሪያው «ፖሽሊና»፣ ሁለተኛው «ስቦር» መባል አለባቸው፤ እነዚህን ሁለቱን አደባልቆ መተርጎም ዋጋውን ለማመሳከር ያስቸግራል።

ሦስተኛው፣ የገዢው ትራንዚተር የሚያሠራው ትርጉም ነው። በእኔ ግምት ለዕቃው መግለጫ ከሁሉም የተሻለው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ተርጓሚው የሚጽፈው የሩሲያኛውን ታሪፍ ከፊቱ ዘርግቶ ነው። ኅብረቱ ባለ 10 አሃዝ ቁጥር ስለሚጠቀም፣ የእኛ ቁጥር እስከ ስድስተኛው አሃዝ ብቻ ከእነሱ ጋር እንደሚመሳሰልና ቀሪውን ራሱ መወሰን እንዳለበት ያውቃል። ጉድለቱ በእኛ በኩል ያለውን አለማወቁ ነው። በሩሲያ ካርታዎች ከተማችን «ድሬ-ዳኡአ» ተብላ ስለምትጻፍ፣ ኢንቮይሱ ላይ አንድ ዓይነት፣ ዲክላራሲዮኑ ላይ ሌላ ዓይነት አጻጻፍ ሊመጣ ይችላል። የድርጅታችንን ስም እንደየመሰለው ያሰፍራል፤ በአባሪ ወረቀት ላይ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ ቀን ካገኘም ሰነዱ ከሰባት ዓመት በላይ ያረጀ ይመስለዋል። ሌላው፣ ክፍያውን የሚችለው ገዢው ቢሆንም ትራንዚተሩም የገዢው ወገን ስለሆነ፣ የትርጉሙ ግልባጭ ለእኛ ካልተላከ ምን እንደተጻፈ አናውቅም።

ስለ ማኅተም አንድ ቃል ልጨምር። የሩሲያ ኖታሪ ቋንቋውን ካላወቀ የሚያረጋግጠው የተርጓሚውን ፊርማ ነው፤ የትርጉሙን ትክክለኛነት አይደለም። ስለዚህ የድሬዳዋ ማኅተም ስላለበት ብቻ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈልን አልመክርም፤ ገዢው በጽሑፍ ከጠየቀ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

እኔ የምከተለው አካሄድ ትርጉሙን ለገዢው ትራንዚተር ትቶ፣ ከሰነዶቹ ጋር አንድ ገጽ መላክ ነው። ገጹ የድርጅቱንና የከተማውን ስም አጻጻፍ፣ የቀኖቹን ምዕራባዊ አቻ፣ የጆንያውን ብዛት፣ የተጣራና ጠቅላላ ክብደቱን፣ የደረጃውን ማብራሪያ ይይዛል። ገዢው የራሱ ትራንዚተር ከሌለው የአዲስ አበባውን ባለሙያ እመርጣለሁ፤ ይህንኑ ገጽ ከሩሲያኛው የታሪፍ ጽሑፍ ጋር ሰጥቼ፣ ረቂቁ ሲመጣ በመጀመሪያ የማየው 19 200 የሚለውን ቁጥር ነው።