ሳይትሊንክ ወይስ የመደወያ ቁልፍ? የላሊበላ ማረፊያ ቤትና የኮምቦልቻ ጋራዥ ምን ይምረጡ?

ጉግል ላይ ማስታወቂያ ሊያሠሩ ሲሉ ባለሙያው “ማስታወቂያዎን ትልቅ አደርግልዎታለሁ” ይልዎታል። እውነቱን ነው። ከርእሱና ከማብራሪያው በታች ወደ ሌሎች ገጾች የሚወስዱ ሊንኮች፣ ስልክ፣ አድራሻና ፎቶ መጨመር ይቻላል። ጉግል እነዚህን ተጨማሪዎች ድሮ ኤክስቴንሽን ይላቸው ነበር፤ ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ አሴት ይላቸዋል። ለማስገባት አይከፈልም። ሰው ሲነካቸው ግን ልክ ርእሱን እንደነካ ይቆጠርና ይከፈላል።

ሁሉንም ማስገባት ይቻላል። ግን እያንዳንዱ በደንብ መዘጋጀት አለበት፤ አንዳንዱ ደግሞ ለእርስዎ ሥራ ኪሳራ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ዋና ዋናዎቹን፣ ወደ ሌሎች ገጾች የሚወስዱትን ሊንኮች ማለትም ሳይትሊንክንና ሲነካ ስልክ የሚያስደውለውን የመደወያ ቁልፍን፣ በሁለት የወሎ ሥራዎች ላይ ላነጻጽር። አንዱ ላሊበላ ያለ ስምንት ክፍል ማረፊያ ቤት ነው። ሌላው ኮምቦልቻ፣ ወደ ሚሌ በሚወጣው መንገድ ዳር ያለ የከባድ መኪና ጋራዥ ነው። ሁለቱም ለምሳሌ የወሰድኳቸው ናቸው፤ የሚገጥማቸው ነገር ግን በየቀኑ የማየው ነው።

ከላሊበላው ልጀምር። እንግዳው ብዙ ጊዜ ከውጭ አገር ነው። ለገና ወይም ለጥምቀት ለመምጣት ከወራት በፊት ይፈልጋል። ማስታወቂያው በእንግሊዝኛ ነው። እንግዳው የሚያሳስበው አንድ ነገር ብቻ አይደለም። ዋጋው ስንት ነው? ታኅሣሥ 29 ክፍል ይገኛል? አውሮፕላን ማረፊያው ከከተማው ከሃያ ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ማን ይቀበለኛል? ሳይትሊንክ የተሠራው ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ነው። እያንዳንዱን ጥያቄ በቀጥታ ወደ መልሱ ገጽ ይወስደዋል።

የአንድ ሳይትሊንክ ስም ከ25 ፊደል መብለጥ የለበትም። ከሥሩ ሁለት የማብራሪያ መስመር ይፈቀዳል፤ እያንዳንዱ እስከ 35 ፊደል ነው። ለማረፊያ ቤቱ እኔ የምጽፈው እንዲህ ነው፦

```
Rooms & Rates
  Double and twin rooms, hot shower
  See the price before you write
Airport Pickup
  Send us your flight number
  A driver waits at the exit
Genna & Timkat Stays
How to Get Here
```

ለታችኞቹ ሁለቱም እንዲሁ ማብራሪያ ይጻፍላቸው። ማብራሪያ ያለው ሳይትሊንክ ሰፋ ብሎ የመውጣት ዕድል አለው፤ ማብራሪያ የሌለው በአንድ ቃል ተጨናንቆ ይቀራል። ሌላው ወሳኝ ነገር እያንዳንዱ ሊንክ የየራሱ ገጽ ያስፈልገዋል። አራቱንም ወደ አንድ ገጽ ቢያመሯቸው ጉግል አይቀበልም። ገጾቹም ማስታወቂያው በሚያመራበት በራስዎ ዌብሳይት ላይ መሆን አለባቸው። ብዙ ቤቶች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። ያላቸው አንድ ገጽ ብቻ ነው፤ ፎቶውም ዋጋውም ስልኩም አንድ ላይ ተከምሯል። እንዲህ ከሆነ መጀመሪያ ገንዘብዎን ገጾቹን ለማሠራት ያውጡ፤ ሳይትሊንክ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

አሁን ወደ ክሊክ መጠን እንምጣ። ሻጩ የሚያሳይዎት ይህንን ነውና። ቁጥሩ ለማስረዳት የያዝኩት ነው። ማስታወቂያው 1,000 ጊዜ ታየ፤ 40 ሰው ነካው። የክሊክ መጠኑ 4 በመቶ ነው። አንዱ ክሊክ 30 ሳንቲም ዶላር ቢሆን 12 ዶላር ወጣ። 4 ሰው ክፍል ጠየቀ እንበል። ስለዚህ አንድ ጠያቂ በ3 ዶላር መጣ።

ከዚያ ሳይትሊንክ ገባ። ከላይ ካሉት አንዱ የለም እንበልና በቦታው “Photo Gallery” የሚል አለ። በ1,000 እይታ 55 ክሊክ መጣ፤ 5.5 በመቶ ማለት ነው። ሪፖርቱ ያምራል። የወጣው ግን 16.50 ዶላር ነው፤ የጠየቀው 5 ሰው ነው። አንድ ጠያቂ 3.30 ሆነ። የክሊክ መጠኑ አደገ፤ እንግዳው ግን ተወደደ! ዝርዝሩ ሲታይ 9 ክሊክ ወደ ፎቶው ገጽ ሄዷል፤ ከእነዚያ አንድም አልጠየቀም። ፎቶው ሲወጣና እነዚያ ክሊኮች ሲቀሩ 46 ክሊክ፣ 13.80 ዶላር፣ 5 ጠያቂ ይቀራል። አንዱ 2.76 ነው።

ስለዚህ ለማየት ብቻ የሚጋብዝ ሊንክ አይግዙ። ፎቶውን ክፍሉና ዋጋው ባለበት ገጽ ላይ ያድርጉት፤ ያየው ሰው እዚያው ይጠይቃል።

ሌላም ነገር አለ፤ ይህንን ሻጮች ብዙ ጊዜ አይነግሩም። ሳይትሊንክ ስላስገቡ ብቻ ሁልጊዜ አይወጣም። ጉግል የሚያወጣው ይጠቅማል ብሎ ሲገምትና ማስታወቂያው ጥሩ ቦታ ላይ ሲሆን ነው። ከገጹ አናት ላይ ያለ ማስታወቂያ ደግሞ ሳይትሊንክ ባይኖረውም ብዙ ይነካል። የማረፊያ ቤቱን ስም ጽፎ የፈለገ ሰውም እንደዚያው ነው፤ ያለ ሊንኩም ይነካ ነበር። ስለዚህ “ሳይትሊንክ ሲወጣ 9 በመቶ፣ ሳይወጣ 3 በመቶ” የሚል ሪፖርት ካዩ ልዩነቱን ሁሉ ለሊንኩ አይስጡት። ከፊሉ የቦታው ነው። ከፊሉ የቤቱ ስም ነው። ቢያንስ በቤቱ ስም የተፈለገውንና “Lalibela guesthouse” ተብሎ የተፈለገውን ለያይተው ያሳዩዎት ይበሉ።

ወደ ኮምቦልቻ እንውረድ። ከጅቡቲ ዕቃ ጭኖ የሚመጣ መኪና መንገድ ላይ ቆመ። ሾፌሩ ወይም አዲስ አበባ ያለው የድርጅቱ ሰው ስልኩን አውጥቶ ጋራዥ ይፈልጋል። ይህ ሰው ገጽ አያነብም። “መካኒክ አለ? ትመጣላችሁ?” ብሎ መጠየቅ ነው የሚፈልገው። ባለ ጋራዡም “ልጄ፣ ስልኬን ብቻ ፊት ለፊት አውጣልኝ” ቢሉኝ ልክ ናቸው። እዚህ የመደወያ ቁልፍ ከሳይትሊንክ በብዙ ይበልጣል። ዌብሳይቱ አንድ ገጽ ቢሆን እንኳ ጉዳት የለውም።

ቁልፉ ሲገባ አገሩ ኢትዮጵያ ተብሎ ይመረጣል፤ ቁጥሩ ይሞላል። ጉግል ቁጥሩ የእርስዎ መሆኑን ማረጋገጥ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ያው ቁጥር ዌብሳይቱ ላይም በግልጽ ይኑር። ቢሮው በ033 የሚጀምር መደበኛ ስልክ ካለውና የሚያነሳው ከሌለ፣ ጋራዡ ውስጥ ያለው ሰው የሚይዘውን ሞባይል ያስገቡ። ደዋዩ ቁልፉን ሲነካ ክፍያው ተቆጥሯል። ቢነሣም ባይነሣም ያው ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ልብ ብለው ያንብቡት፤ ገንዘብ የሚፈስበት ቀዳዳ ነው። ቁልፉ የሚወጣበትን ሰዓት መወሰን ይቻላል። ስክሪኑ ላይ ያለው ሰዓት ግን የእኛ አቆጣጠር አይደለም። ከጠዋቱ 2 እስከ ማታ 12 ሰዓት ለመክፈት 08:00 AM እና 06:00 PM ተብሎ ይሞላል። 2 እና 12 ብሎ የሞላ ሰው ቁልፉን ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ከፍቶ እኩለ ቀን ላይ ይዘጋዋል፤ ከሰዓት በኋላ የቆመ መኪና ሁሉ ያመልጠዋል። አካውንቱ ሲከፈት የተመረጠው የሰዓት ክልልም የኢትዮጵያ ካልሆነ ሁሉም ይዛባል። ውጭ አገር ያለ ዘመድ የከፈተው አካውንት ከሆነ ይህንን መጀመሪያ ይመልከቱ። የሚታወቀው ቀላል ነው፤ ሌሊት ሚስኮል ይበዛል፣ ቀን ዝም ይላል።

ታዲያ ላሊበላ የመደወያ ቁልፍ አያስፈልገውም ወይ? ለሁለት እከፍለዋለሁ። ጀርመን ወይም አሜሪካ ያለ እንግዳ በውድ ዋጋ ኢትዮጵያ አይደውልም። ቢደውልም በእሱ ቀን እዚህ ሌሊት ሊሆን ይችላል። ለእሱ ዋትስአፕና ኢሜይል በጥያቄ ገጹ ላይ ቢኖሩ ይበቃዋል። አዲስ አበባ ደርሶ ነገ ለሚበር ሰው ግን ቁልፉ ይጠቅማል። መፍትሔው ማስታወቂያውን በሁለት ዘመቻ መክፈል ነው፤ ለውጭ አገር ሳይትሊንክ ብቻ፣ ለኢትዮጵያ ሁለቱንም። ባለሙያው “ለአንድ ዘመቻ ነው ያስከፈልኩዎት” ካለ ለሁለተኛው ትንሽ ቢጨምሩለት አይቆጭዎትም።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ ልበል። ኮልአውት የሚባሉት አጫጭር ቃላት ናቸው፤ እነሱም ከ25 ፊደል አይበልጡም። አይነኩም፤ ስለዚህ በራሳቸው ወጪ የላቸውም። ለሁለቱም ይግቡ። ጋራዡ “24 ሰዓት” የሚለውን የሚጽፈው ግን በእርግጥ ሌሊት የሚያነሳ ካለ ብቻ ነው። አድራሻና ካርታ ለማውጣት ቦታው አስቀድሞ በጉግል ቢዝነስ ፕሮፋይል ላይ መመዝገብ አለበት። ለጋራዡ ከመደወያው ቀጥሎ ሁለተኛ ምርጫዬ ይህ ነው፤ ካርታው ላይ ያለው ነጥብ ግን ትክክለኛው በር ላይ ይሁን። ከባድ መኪና በስህተት ጠባብ መንገድ ከገባ መመለሻ የለውም። ፎቶን ለማረፊያ ቤቱ ቆይተው ይጨምሩ።

ለባለሙያው ከመክፈልዎ በፊት አንድ ነገር ይጠይቁ። የዘመቻው ሰንጠረዥ “Click type” በሚለው ተከፍሎ ይታይ። ያኔ “Headline”፣ “Sitelink” እና “Mobile clicks-to-call” የየራሳቸው ረድፍ ላይ ይወጣሉ። የአሴቶቹን ሰንጠረዥ ብቻ ካሳየዎት ይጠንቀቁ። እዚያ ከአንድ ሳይትሊንክ ፊት የተጻፈው ክሊክ፣ ሊንኩ በወጣ ጊዜ ርእሱ የተነካውንም ይጨምራል። ማንም ያልነካው ሊንክ ብዙ የተነካ መስሎ ይታያል።

ስልክ ላይም እንዲሁ ነው። “Mobile clicks-to-call” የሚቆጥረው ቁልፉ የተነካውን እንጂ የተነጋገራችሁትን አይደለም። ስለዚህ ጋራዡ ጠረጴዛ ላይ አንድ ደብተር ይኑር። የደወለው ሁሉ “የት አገኙን?” ተብሎ ይጠየቅ፤ መኪናው መጣ ወይስ አልመጣም የሚለውም ይጻፍ። ወሩ ሲያልቅ ደብተሩንና ሪፖርቱን ጎን ለጎን ያስቀምጡ። ቁልፉ ብዙ ተነክቶ ደብተሩ ባዶ ከሆነ ስልኩ አይነሣም፣ ሰዓቱ ተሳስቷል፣ ወይም ማስታወቂያው ጋራዡ ሊደርስበት በማይችል ከተማ እየወጣ ነው። መጀመሪያ ሰዓቱን፣ ቀጥሎ የሚወጣበትን አካባቢ ያስመልክቱ።